በየቀኑ የሚያቋርጡኝን ኒውስሌተሮችና የሜይሊንግ ሊስት መልእክቶች ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ማንበብ እንዴት ይቻላል?

ስንዱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና መረጃ ተንታኝ ነኝ፤ የምሠራው አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አር-ሄልፕ የሚባለው ሜይሊንግ ሊስት፣ ሁለት ጉግል ግሩፖችና አሥራ አራት ኒውስሌተሮች ይመጡልኛል። ትናንት ብቻ 37 ቆጠርኩ። ስልኬ ድምፅ ባሰማ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ አያለሁ። ብዙ ስለተማርኩባቸው መውጣት አልፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጬ አንድ ላይ ባነባቸው ደስ ይለኛል። ጂሜይል ነው የምጠቀመው። ከየት ልጀምር?

ፈጣኑ

ቀላል ነው እህቴ። አር-ሄልፕ የሚሠራው ሜይልማን በሚባለው የሊስት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። የአባልነት ምርጫሽ ገጽ ላይ ግቢና Set Digest Mode የሚለውን On አድርጊው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መምጣቱ ይቀርና በሳምንት አንዴ ተጠቃሎ ይደርስሻል። ጉግል ግሩፕም Digest የሚል ምርጫ አለው። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው።

የቀድሞ አድሚን

ፈጣኑ ያለው ምርጫ አለ፤ «በሳምንት አንዴ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። የአንድ ሙያ ማኅበርን ሊስት በሜይልማን ለስድስት ዓመት አስተዳድሬአለሁ። ዳይጀስቱ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው አስተዳዳሪው እንጂ አባሉ አይደለም። ካልነኩት በቀን አንዴ ይወጣል፤ የተጠራቀመው መልእክት 30 ኪሎባይት ገደማ ከደረሰ ደግሞ ቀኑን ሳይጠብቅ ይላካል። ሊስቱ የሞቀ ዕለት ሁለት ሦስት ዳይጀስት ሊመጣሽ ይችላል። የጉግል ግሩፕ Digest ደግሞ እስከ 25 መልእክት በአንድ ኢሜይል ጠቅልሎ ይልካል፤ እሱም ሳምንት አይጠብቅም።

ሌላም ችግር አለው። ዳይጀስት የተለያዩ ጨዋታዎችን በደረሱበት ሰዓት ቅደም ተከተል ይደባልቃቸዋል። የሰኞው ጥያቄ በአንዱ ጥቅል፣ መልሱ በሌላው፣ የመልሱ እርማት በሦስተኛው ይሆናል። በጥቅሉ ላይ መልስ ከጻፍሽ ርእሱ «Digest, Vol...» ሆኖ ይሄድና ከየትኛው ጨዋታ ጋር እንደሆነ ማንም አያውቀውም። እኔ አስተዳዳሪ ሳለሁ በየሳምንቱ የማርመው ስሕተት ይህ ነበር።

ስለዚህ መልእክቶቹ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ይምጡ፤ የማጠራቀሙን ሥራ የራስሽ ሳጥን ይሥራው። ጂሜይል አንድ ርእስ ያላቸውን በአንድ መስመር ስለሚሰበስብ፣ ቅዳሜ ስትከፍቺ ጥያቄው፣ መልሶቹና እርማቱ በተርታ ሆነው ታገኛቸዋለሽ። በየቀኑ ከሚያነበው ሰው ይልቅ ቅዳሜ የሚያነበው የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያላለቀ ክርክር አያነብም።

አሠራሩ በኮምፒውተር ነው፤ የስልኩ መተግበሪያ ፊልተር አያሠራም። ከሊስቱ የመጣ አንድ መልእክት ክፈቺ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ Show original በይ። ከሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ List-Id የሚለውን መስመር ፈልጊ፤ ለአር-ሄልፕ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው r-help.r-project.org ነው። ይህንን መፈለጊያው ላይ ጻፊው፦

```
list:r-help.r-project.org
```

የወጣው የሊስቱ መልእክት ብቻ መሆኑን በዓይንሽ አረጋግጪ። ከዚያ በመፈለጊያው ቀኝ ጫፍ ያለውን ምልክት ነክተሽ Create filter በይ። Skip the Inbox እና Apply the label የሚሉትን ምረጪ፤ ሌብሉን kidame በይው። ለግሩፖቹም እንዲሁ አድርጊ። List-Id የሌላቸውን ኒውስሌተሮች በላኪያቸው አድራሻ፣ በ from: ያዣቸው። የስልክሽ ደወል ለየብቻ ካልከፈትሽው በስተቀር ኢንቦክስ ላልገባ መልእክት ስለማይጮኸ፣ ጸጥታው ራሱ ይመጣል።

መምህር ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔንም ይህ ነገር አስመርሮኝ ነበር። በቴሌግራም አሥር ቻናል ውስጥ አስገብተውኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። ልጄ ሁሉንም ድምፃቸውን ዘጋልኝና አርፌ ተኛሁ። አንቺም ዝጊያቸው። የማይጠቅመውን ደግሞ ውጪ፤ ኢሜይሉ ላይ መውጫ አለው።

የቀድሞ አድሚን

ጋሼ፣ የእሷ ነገር ኢሜይል ቢሆንም የመጨረሻው ምክርዎ ይጠቅማታል። ስንዱ፣ ፊልተር ከማሠራትሽ በፊት ባለፉት አራት ሳምንታት አንዴም ያልከፈትሻቸውን ኒውስሌተሮች ለይተሽ ውጪ። ከላኪው ስም አጠገብ Unsubscribe የሚል ካየሽ እሱን ተጠቀሚ። ሳይነበብ የሚከማች ነገር ቅዳሜሽን ይበላል።

ስንዱ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአሥራ አራቱ ከአምስቱ ወጣሁ፤ ለቀሪዎቹ ፊልተር ሠራሁ። ሁለት ነገር ግን ገጠመኝ። አንደኛው፣ ለነበሩትም እንዲሠራ የሚለውን ሳጥን ስመርጥ ከኢንቦክሴ ከሁለት ሺህ በላይ መልእክት ጠፋ፤ ደነገጥኩ። ሁለተኛው፣ ማክሰኞ አር-ሄልፕ ላይ ስለ ቀን አጻጻፍ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። አንድ ሰው በዚያው ቀን መልሶልኝ «ዳታሽን በዚህ መልክ አሳዪን» ብሎኛል። እኔ ያየሁት ቅዳሜ ነው። አሳፈረኝ።

የቀድሞ አድሚን

የጠፋው አልጠፋም፤ kidame ውስጥና All Mail ውስጥ አለ። Skip the Inbox ማለት ከፊት ማንሣት እንጂ መሰረዝ አይደለም።

ለሁለተኛው፣ ፊልተሩን በምን ሠራሽው? በ list: ነው ወይስ በ to: ?

ስንዱ (ጠያቂ)

list: ብዬ ስጽፍ የተሳሳትኩ ስለመሰለኝ በ to: የሊስቱን አድራሻ ጻፍኩ። አንድ ዓይነት መስሎኝ ነው።

የቀድሞ አድሚን

እዚያ ላይ ነው። ሊስት ላይ ሲመልሱልሽ አብዛኞቹ ለሁሉም መልስ የሚለውን ስለሚጫኑ፣ ደብዳቤው በአንድ በኩል ለአንቺ በቀጥታ፣ በሌላ በኩል ለሊስቱ ይሄዳል። ሜይልማን አድራሻሽን ተቀባዮች መካከል ካየ የራሱን ቅጂ አይልክልሽም፤ አባሉ ካልቀየረው ልማዱ እንዲህ ነው። ስለዚህ የሚደርስሽ ቀጥታ የመጣው ብቻ ነው፤ በሊስቱ በኩል ስላላለፈ List-Id የለውም። በ list: የተሠራ ፊልተር አይነካውም፣ ኢንቦክስ ይገባል፣ ስልክሽም ይጮኻል። to: ግን የሊስቱን አድራሻ ተቀባዮች ውስጥ ስለሚያገኘው ይዞት ይሄዳል። ፊልተሩን በ list: ቀይሪው፤ ለአንቺ የተጻፈው ከሌላው ራሱ ይለያል።

አንድ ሰው ለሊስቱ ብቻ ከመለሰ ግን ቅዳሜን ይጠብቃል። ጥያቄ የጠየቅሽ ሳምንት ማታ ማታ ያንን አንድ ጨዋታ ብቻ ከፍተሽ እዪ።

ስኮላርሺፕ ፈላጊ

እኔ በዚህ አሠራር አንድ ዕድል አምልጦኛል። ኒውስሌተሩ እሑድ መጣ፣ ማመልከቻው ሐሙስ ተዘጋ፣ እኔ ቅዳሜ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ deadline የሚል ቃል ያለበት ኢንቦክስ እንዲገባ ሌላ ፊልተር ሠራሁ።

የቀድሞ አድሚን

ያ ሌላ ፊልተር የሚሠራልህ አይመስለኝም ወንድሜ። ጂሜይል ላይ «ኢንቦክስ ውስጥ ተወው» የሚል ትእዛዝ የለም። ሁለት ፊልተር አንድ መልእክት ላይ ከተገናኙና አንዱ Skip the Inbox ካለ፣ መልእክቱ ይሄዳል። ልዩነት ማድረግ የሚቻለው በዚያው በአንዱ ፊልተር ውስጥ ቃሉን በመቀነስ ምልክት በማውጣት ነው፦

```
from:news@example.org -deadline
```

ይህም ቢሆን ደካማ ነው። ማስታወቂያ የሚልኩ ኒውስሌተሮች በየእትማቸው deadline የሚል ቃል ስለማያጡ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ቀን ያለበትን ነገር የሚልክ ላኪ ለሳምንታዊ ንባብ አይሆንም ብዬ ነው የማምነው። እንዲህ ያለውን ከፊልተሩ ሙሉ ለሙሉ አውጣው፤ ወይም ሌላ ሌብል ስጠውና ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ እየው።

ፈጣኑ

ስለ ሳምንቱ ተሳስቻለሁ፤ ትክክል ነህ። ዳይጀስትን ግን ፈጽሞ አልጥለውም። እኔ ያለሁበት ከተማ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሃምሳ መልእክት አንድ በአንድ ከመክፈት በጽሑፍ ብቻ የመጣ አንድ ጥቅል ይሻለኛል። አንብቤ ብቻ ለማልፈው፣ መልስ ለማልጽፍበት ሊስት አሁንም እሱን እመርጣለሁ።

የቀድሞ አድሚን

ለማይጽፍ አንባቢ አልከራከርህም። በስልክ ለምታነቡ ግን ሌላ መንገድም አለ። በአንድሮይድ በጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ Manage labels ግቡና የ kidame ን Sync messages ከ None ወደ Last 30 days ቀይሩት። ዋይፋይ ባለበት ዓርብ ማታ ይጫናል፣ ቅዳሜ ያለ ኔትወርክ ይነበባል። የአር-ሄልፕ መልእክት ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ፓኬጅ የሚበላው የኒውስሌተሮቹ ሥዕል ነው። ሥዕል ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቃችሁ አድርጉት።

ስንዱ (ጠያቂ)

በ list: ቀየርኩት። ትናንት ሦስተኛው ቅዳሜዬ ነበር፤ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ይህንን ጻፍኩ፦

```
label:kidame is:unread newer_than:8d
```

ስምንት ቀን ያልኩት አንድ ቀን ዘግይቼ እሑድ ብቀመጥ ያለፈው ቅዳሜ የመጣው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። 112 መልእክት በ41 መስመር ተሰብስቦ ነበር። ርእሶቹን ብቻ እያየሁ ከሥራዬ ጋር የማይገናኙትን አንድ ላይ መርጬ ተነበበ አልኩ፤ አሥር ደቂቃ ወሰደ፤ አሥራ ስድስት ቀሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመጨረሻው መልእክት ጀመርኩ። አንዱ ላይ መጀመሪያ የተሰጠው ኮድ ስሕተት እንዳለበት ሌላ አባል በማግሥቱ አርሞታል። ሰኞ ዕለት አንብቤው ቢሆን ኖሮ የተሳሳተውን ወስጄ እጠቀምበት ነበር። ሁሉም በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ።

አሁንም የከበደኝ ከጉግል ግሩፖቹ አንዱ ነው። እዚያ ለእኔ የተመለሰልኝ መልስ አንዳንዴ ኢንቦክስ ይገባል፣ አንዳንዴ kidame ውስጥ ይገኛል።

የቀድሞ አድሚን

እዚያ ሁለት ቅጂ ሊላክልሽ ይችላል፤ አንዱ በቀጥታ፣ አንዱ በግሩፑ በኩል። ጂሜይል ደግሞ አንድ ዓይነት መለያ ያላቸውን ሁለት ቅጂዎች አያሳይም፤ አንዱን ብቻ ያስቀራል። የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ ሳይሆን አይቀርም የሚለየው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይናገር። እኔ ግሩፕ ላይ ስጠይቅ ርእሱን ለየት ባለ ቃል እጀምርና ያንን ቃል ከፊልተሩ በመቀነስ ምልክት አወጣለሁ። ጥያቄው ሲዘጋ መልሼ እሰርዘዋለሁ።

ስንዱ (ጠያቂ)

በሚቀጥለው ጥያቄዬ እሞክረዋለሁ። ርእሱን «ቀን-አር» ብዬ እጀምራለሁ፤ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።