«ወሀ…» ሰጠ ነው፣ ሰጠች ወይስ ሰጠሁ?

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)፦ አንድ የግዕዝ የስጦታ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ጠራዡ የብራናውን ቀኝ ጠርዝ ስለቆረጠው የየመስመሩ ጫፍ የለም። የቀረው ይህ ነው፦

ዘንተ፡ መጽሐፈ፡ ወሀ
ለደብረ፡ ቅዱስ፡ ጊ
ዘሠረቆ፡ ወዘፈሐቆ፡ በ
ጴጥሮስ፡ ወጳውሎስ፡ ውጉ

«ይህን መጽሐፍ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ሰጠ፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ብዬዋለሁ። ይበቃል?

የመንዙ፦ ይበቃል እንጂ! አንባቢን በቅንፍ ማሰልቸት ምን ይረባል? ሐሳቡ ግልጽ ነው።

መምህሩ (አንኮበር)፦ የእርግማኑ ሐሳብ ግልጽ ነው፣ የሰጪው ግን አይደለም። ከሦስተኛው መስመር ይጀምሩ፣ እመቤቴ። ይህ እርግማን በየመጽሐፉ ስለሚደጋገም ከ«በ» በኋላ የጠፋው «ሥልጣነ» መሆኑ አያጠራጥርም፤ አራት ፊደል ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ወርድ አራት ፊደል ያህል ነው ማለት ነው። «ጊ» ላይ «ዮርጊስ»ን ቢጨምሩ አሁንም አራት ይሆናል። እነዚህን ሁለቱንና «ውጉዘ ይኩን»ን በቅንፍ ይሙሏቸው።

«ወሀ» ግን ቀመር የለውም። ወሀበ፣ ወሀበት፣ ወሀቡ፣ ወሀብኩ፣ ወሀብነ ሁሉም ይገባሉ። እርስዎ «ሰጠ» ሲሉ ብራናው ያላለውን አንድ ወንድ ፈጠሩ።

የመንዙ፦ ታዲያ «ተሰጠ» ይበሉና ይገላገሉ።

መምህሩ፦ «ዘንተ መጽሐፈ» ተሳቢ ነው፤ ሰጪ ነበረ ማለት ነው። «ተሰጠ» ካሉ ብራናው የያዘውን ያንኑ ፍንጭ ያጠፋሉ።

የእንሳሮዋ፦ እኛ ቤት ባለው ክታብ ላይም «ገብርከ» ካለ በኋላ ስሙ ጠፍቷል። እንዴት ልሙላው?

መምህሩ፦ ብራናው ሳይቀደድና ሳይፋቅ ቦታው ንጹሕ ከሆነ አልጠፋም፤ ጸሐፊው ለባለቤቱ ስም የተወው ነው። «ለስም የተተወ ባዶ ቦታ» ብለው ያስፍሩ እንጂ እንደ ጉድለት አይቁጠሩት።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ ወርዱ አራት ፊደል ከሆነ «ወሀብኩ አነ» ልክ ይገጥማል።

መምህሩ፦ ይገጥማል። «ወሀበ» ካሉም የሦስት ፊደል ስም ይገጥማል። ቦታው የሚከለክለው እንደ ወልደ ማርያም ያለውን ረጅም ስም ብቻ ነው። ደግሞ «ጣ» ሰፊ፣ «ል» ጠባብ ስለሆነ በአንድ ፊደል ከፍ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሊቃውንት በሆላንዷ ከተማ በላይደን የተስማሙበት የጥንት ጽሑፍ ኅትመት ሥርዓት ለእያንዳንዱ የጠፋ ፊደል አንድ ነጥብ ያኖራል፤ ይህ ለግዕዙ ይሁን። በአማርኛው ነጥቡ ትርጉም ስለሌለው በቃል ይጻፉት።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው እንዲህ፦ «ይህን መጽሐፍ [የሰጪው ማንነት ጠፍቷል፤ 4 ፊደል ያህል] ለቅዱስ ጊ[ዮርጊስ] ደብር ሰጠ(ች/ሁ/ን/ጡ)፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ [ሥልጣን] የተወገዘ [ይሁን]።»

የመንዙ፦ ይህንን ማን ጮክ ብሎ ያነበዋል?

መምህሩ፦ በዚህስ ልክ ነህ፣ ወንድሜ። እኔ ብሆን በጽሑፉ «ሰጠ»ን ብቻ አኑሬ ሌሎቹን አማራጮች ወደ ግርጌ አወርድ ነበር።

ጠያቂዋ፦ ግርጌውን ማን ያነባል መምህር? እኔስ እዚያው መስመሩ ላይ ይታይ እላለሁ።