ዘጠኙ ባንድ ወገን፣ ማርስ ብቻውን፦ ቻርቴን የሚነዳው እሱ ነው?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦ የተወለድኩት እዚሁ ድሬ፣ የካቲት 8 ቀን 1985፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 15፣ 1993 መሆኑን አይቼ ሰዓቱን 3:00 ብዬ የኮከብ ቆጠራ አፕ ላይ ሞላሁ። ዘጠኙ ፕላኔቶች ባንድ ወገን ተሰብስበው ማርስ ብቻውን ማዶ፣ ሸርጣን ላይ፣ 7ኛ ቤት ወጣ። ስድስቱ ከአድማስ በታች ናቸው። ሕይወቴን የሚነዳው ትዳር ነው ማለት ነው?

ሳቢያን፦ አዎ አቦ! ብቻውን የቀረ ፕላኔት የቻርቱ አለቃ ነው። ማርስ ደግሞ ቁጣ ነው፣ ትዳር ላይ ተጠንቀቅ። ከታች የበዛበት ሰው የቤት ሰው ነው፣ አደባባይ አይወድም።

እማማ ዘጀጎል፦ ልጄ፣ ያንተንና የእናትህን ስም ፊደል ቁጠርና በ12 ግደፍ። የእኔ ደለዊ ነው የወጣው፣ ሁሉም ደርሶልኛል።

ኮከብ ተመልካች (ሐረር)፦ እማማ፣ የእርስዎ በስም የሚቆጠረው ነው። እሱ የያዘው የልደት ሰዓት ሰማይን ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፀሐይን እያት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታለች። ያንተ ቻርት ላይ ግን ከአድማስ በታች ናት። አፑ 3:00ን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ነው የወሰደው። 9:00 ብለህ ሙላ።

ያኔ አድማሱ ይዞራል። ስምንቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከታች ማርስና ቬኑስ ብቻ ይቀራሉ። «የቤት ሰው» የተባለው ያኔ ይወድቃል።

የማርስ ብቸኝነት ግን አይነካም። ፕላኔቶቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት በስድስት ሰዓት ብዙም አይለወጥም፣ ከጨረቃ በቀር። ያንተዎቹ ሚዛን ላይ ካለው ጁፒተር ተነስተው ሐመል ላይ እስካለችው ቬኑስ ግማሹን ክብ ሞልተዋል። ማርስ ከሁለቱም 90 ዲግሪ ያህል ርቆ ማዶ ቆሟል። ኮከብ ቆጣሪው ማርክ ኤድመንድ ጆንስ ይህን ቅርጽ ባልዲ ይለዋል፣ ማርስ ማንጠልጠያው ነው። የዘጠኙ ጉልበት የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ሳቢያን፣ አለቃ ያልከው ያስኬዳል። ቁጣ ብቻ ማለት ግን ያጠበዋል፤ መነሳሳትም፣ ሥራ መጀመርም የማርስ ነው። ቤቱም 7ኛ አይደለም። ወደ ቻርቱ ሥር፣ 4ኛ ቤት በር ላይ ወርዷል። የወላጅ ቤት፣ የዘር ጉዳይ ነው እንጂ ትዳር አይደለም።

የከዚራ ልጅ፦ አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱን ጣጣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እናቴ ግን «3 ሰዓት አለፍ ሲል ነው» ትላለች። ለውጥ አለው?

ኮከብ ተመልካች፦ አለው። አድማሱ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ቬኑስ ገና አልወጣችም። ሩብ ካለፈ ትወጣለች፣ ማርስ ከታች ብቻውን ይቀራል፣ ግን ወደ 3ኛ ቤት ጠርዝ ይሸሻል። 3 ተኩል ከሆነ ደግሞ ጁፒተር ጠልቆ አብሮት ይሆናል። የሆስፒታል ካርድ ካለ ፈልግ።

ሳቢያን፦ ጠርዝ ላይ ከሆነ እኔ 4ኛ ቤት ነው የምለው። ኑሮው ራሱ ይናገራል።

ኮከብ ተመልካች፦ ኑሮን አይቶ ቤት መምረጥ አያዋጣም፣ ሁሉም ቤት የሚገጥም ነገር አያጣም። ካርዱ ይቅደም።

የከዚራ ልጅ፦ ካርዱ ሐረር አክስቴ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ ወጥቼ አያለሁ።