«ዝናቡ ሊያንስ ይችላል» የሚለውን ትንበያ ለገበሬው እንዴት ልጻፈው?

ጠያቂ (የልማት ሠራተኛ)፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የምሠራው። የክረምቱ ትንበያ ደርሶናል። ለኛ አካባቢ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ይላል። ዓርብ መስጊድ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚነበብ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። 45ቱን እንዴት ላስረዳ? «ዝናብ የለም» ብለው በሬ መሸጥ እንዳይጀምሩ ፈርቻለሁ።

የካሉ ልጅ፦ አታወሳስቢው እህቴ። ዝናቡ በ45 በመቶ ይቀንሳል በያቸው። ደግሞ የማሽላውን ትልም በየሁለት ሜትሩ በአፈር እየደፈኑ ውሃ እንዲያቁሩ ጻፊ። እኛ ጋ ተዳፋቱ ላይ በደንብ ሠርቷል።

ጡረተኛ አግሮኖሚስት፣ ደሴ፦ ልጄ፣ 45ቱ የዝናቡ መጠን አይደለም። ያለፉትን 30 ክረምቶች ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሪ። ታች ያሉት 10ሩ «ከመደበኛ በታች» ይባላሉ። ትንበያው የሚለው ዘንድሮ ከነዚያ ወገን የመሆን ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ከፍ ብሏል ነው። በምን ያህል እንደሚያንስ አይናገርም። ለገበሬው «እንዲህ ያለ ወሬ አሥር ክረምት ቢመጣ አራት አምስቱ ዝናብ ያጥራቸዋል፤ በቀሩት ይበቃል ወይም ይተርፋል» በይው። ይገባዋል።

ሌላው፣ ትንበያው የክረምቱን ድምር እንጂ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ ነሐሴ ላይ ይቋረጥ እንደሆነ አይነግርሽም። ለዚያ ሜትሮሎጂ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ተከታተዪና በየጊዜው አስነግሪ። ደብዳቤው አንዴ ተነቦ የሚያበቃ አይሁን።

ትልም መድፈኑ ለተዳፋትና ለቀላል አፈር ሸጋ ነው። ሜዳው ዋልካ ላይ ግን ሁለት ቀን አጥብቆ ከዘነበ ውሃው ተኝቶ ማሽላውን ቢጫ ያደርገዋል። ዝናብ በሚያንስበት ዓመትም ከባድ ዝናብ አይጠፋም። አፈሩን ለይተሽ ጻፊ።

ሽንኩርት አምራች፦ ቦርከና ዳር በሞተር ነው የማጠጣው። ዝናቡ ካነሰ ወንዙ ለበጋ ሽንኩርት ይበቃል ወይ? ችግኝ ላፍላ?

ጡረተኛ አግሮኖሚስት፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ የሷ ጥያቄ የዝናብ እርሻ ነው። ለአንተ መስከረም ላይ የወንዙን መጠን አይተህ ከላይኞቹ አጠጪዎች ጋር መነጋገር ይሻላል።

የገበሬ ልጅ፣ ኮምቦልቻ፦ አባቴ ደብዳቤ ሲነበብለት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ ምን ልዝራ?»። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ሲመጣ ማሽላው ወገቡ ድረስ አድጎ ራስ ሳያወጣ ደረቀ። አሥር ክረምት፣ አራት አምስት የሚለው ስሌት የሚጠቅም አይመስለኝም። የሚዘራውን ብቻ ጻፊለት።

ጡረተኛ አግሮኖሚስት፣ ደሴ፦ ስሌቱ ከሌለ ግን ዝናቡ ጥሩ የሆነ ዕለት «ዋሹን» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይሰማሽም። እኔ ሁለቱም ይግባ ባይ ነኝ። ስለሚዘራው ግን ልጁ ልክ ነው።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ የተዘራው የአገሩ ረጅም ማሽላ በደንብ ከያዘ አይነካ። ያልበቀለበት ግን ሰኔ ላይ ያንኑ ደግሞ አይዝራ። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲወጣ እህሉ ገና አያብብም። ያንን ማሳ ለማሾና ፈጥኖ ለሚደርስ ጤፍ ይተወው። ማሾ በሁለት ወር ተኩል አካባቢ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዝናብ እንዳያታልለውም ይጠንቀቅ፤ አፈሩን በዶማ ቆፍሮ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልወረደ አይዝራ። ዘሩን በሙሉ አንዴ አያውጣ፣ ለድጋሚ የሚሆን ያስቀር። ዩሪያም ደረቅ አፈር ላይ አይበተንም፤ ዝናቡን ጠብቆ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደብዳቤውን መሐል እንዲህ ጻፍኩት፦

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ገበሬዎች፣ ዘንድሮ ክረምቱ የማነስ ዕድሉ ከሌላው ዓመት ከፍ ብሏል። ይቀራል ማለት ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ አሥር ጊዜ ቢመጣ አራት አምስቱ ዝናቡ ያጥራል፣ በቀሩት ይበቃል ወይም ይተርፋል። ስለዚህ በሬያችሁን አትሽጡ፤ ድርቆሽና ገለባ ግን ከአሁኑ አስቀምጡ። አራት ጥማድ ያለው፣ ማሽላው በሁለቱ ከያዘለት ይተወው። ባልበቀለበት በአንዱ ማሾ፣ በአንዱ ፈጥኖ የሚደርስ ጤፍ ያድርግ። አፈሩ አንድ ስንዝር ሳይርስ ዘር አይጣል። የአሥር ቀኑን ወሬ በየገበያው ቀን እናገራለሁ።»

የካሉ ልጅ፦ በጣም ጥሩ። አንድ ነገር ብቻ፤ የማሾ ዘር ከየት ያገኛሉ? ባለፈው ዓመት ሐርቡ ገበያ የተሸጠው ነቀዝ የበላው ነበር፤ ግማሹ አልበቀለም።

ጠያቂ፦ እሱ ገና አልተፈታም። ማኅበሩን ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ከመግዛታቸው በፊት መቶ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅለው እንዲቆጥሩ ደብዳቤው ላይ እጨምራለሁ።