ሊፒድ በሌለበት ቲፒኤን፦ 353 ግራም ግሉኮስ ለ50 ኪሎ ታካሚ ይበዛል?

ጥያቄ — ጂፒ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዬ የ42 ዓመት ገበሬ ነው፤ ከዘጌ በኩል የመጣ። ትንሹ አንጀቱ ተጠምዞ ከፊሉ ተቆርጧል። አሁን ፊስቱላ አለው፤ በቀን 1200 ሚሊ ገደማ ይፈሳል። ከፊስቱላው በታች ያለው አንጀትም ስለተዘጋ በአፍም በቱቦም ምንም እንዳይሰጠው ተወስኗል። ስለዚህ ምግቡን ሁሉ በደም ስር፣ በቲፒኤን፣ ልሰጠው ነው። ክብደቱ 50 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.68 ሜትር ነው። ሳይታመም በፊት 58 ኪሎ ነበር። 9 ቀን ሙሉ 5 ፐርሰንት ግሉኮስና ሳላይን ብቻ ነው የወሰደው።

ያለኝ ባለ 500 ሚሊ 10 ፐርሰንት አሚኖ አሲድና 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ነው። ሊፒድ የለም፤ አስታማሚዎቹ ከውጭ እየፈለጉ ነው። በ1500 ካሎሪ አስቤ 75 ግራም አሚኖ አሲድ፣ የቀረውን ደግሞ 353 ግራም ግሉኮስ አደረግሁት። የግሉኮሱ ፍጥነት 4.9 ወጣልኝ። ከ5 በታች ስለሆነ ነገ ሴንትራል ላይን ሲገባለት ልጀምረው? ፓምፑን በቀን ለ16 ሰዓት ብቻ ነው የማገኘው።

ሲስተር፣ አይሲዩ

ዶክተር፣ ይሄ ሰው እኮ 9 ቀን ሙሉ ተርቧል። ከመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ገደቡ 5 ከሆነ 4.9 ችግር የለውም። 16 ሰዓት ብቻ ከሆነም ጠብታውን ፈጠን ማድረግ ነው። ብቻ ስኳሩን በየ6 ሰዓቱ ለኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ መብራት ሄዶ ወይም መስመሩ ተደፍኖ ቲፒኤኑ ድንገት ከቆመ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ በሌላ መስመር ስቀሉለት። ሰውነቱ ብዙ ኢንሱሊን ማመንጨት ለምዶ ስለሚቆይ ስኳሩ በአንዴ ሊወርድ ይችላል።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

ሲስተር ስኳር ስለመለካትና ድንገት ስለመቆም ያለችው ትክክል ነው፤ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ስለመስጠት ግን አልስማማም። ምክንያቴን ከስሌቱ ልጀምር።

የ24 ሰዓቱ ስሌትህ ልክ ነው። 353,000 ሚሊግራም ለ50 ኪሎና ለ1440 ደቂቃ ሲካፈል በኪሎ በደቂቃ 4.9 ሚሊግራም ይሆናል። ግን የሚካፈለው ግሉኮሱ በትክክል በሚገባበት ደቂቃ ነው። 16 ሰዓት 960 ደቂቃ ነው። ያው 353 ግራም በ16 ሰዓት ካለቀ ፍጥነቱ 7.35 ይደርሳል። አዋቂ ሰው ግሉኮስን አቃጥሎ የሚጠቀምበት አቅም 4 እስከ 5 አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ስብ ይቀየራል። ስኳሩ ይወጣል፣ ጉበቱ ስብ ይይዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛም ትንፋሹ ይፈጥናል።

ዋርድ ላይ ቆመህ የግሉኮሱን ፍጥነት፣ GIR የሚባለውን፣ በየትኛውም ሰዓት ልታረጋግጥበት የምትችለው አጭር ቀመር ይኸው፦

```
GIR = (mL/h × %) ÷ (6 × kg)
```

750 ሚሊ አሚኖ አሲድህ ከ882 ሚሊ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ጋር ሲደባለቅ 1632 ሚሊ ይሆናል፤ የግሉኮሱ መጠን 21.6 ፐርሰንት ነው። በሰዓት 68 ሚሊ ከሄደ 4.9፣ በሰዓት 102 ሚሊ ከሄደ 7.3። ሲስተሯ ፍጥነት ስትቀይር አንተም እንደገና አስላ።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። አንቲባዮቲኩና ሌላው መድኃኒት በምን እየተበረዘ ነው? እግሩ ላይስ እብጠት አለ?

የአስታማሚ ልጅ፣ ባሕር ዳር

ይቅርታ፣ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት መዋጥ ሲያቅታት በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት አጥሚትና ወተት እየሰጠናት ነው የዳነችው። ለምን ለእኚህ ሰውም እንደዚያ አይደረግም? በደም ስር ያለው በጣም ውድ ነው፤ ቤተሰብ ይጎዳል።

ሰርጂካል ሬዚደንት

እናትሽ እንኳን ዳኑ። የእሳቸው ችግር መዋጡ ላይ ነበር፤ አንጀታቸው ይሠራል። የዚህኛው ሰው አንጀት መሃል ላይ ተቀዶ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ከዚያ በታች ያለውም ተዘግቷል። አጥሚቱ ቢገባ በፊስቱላው ይወጣል፣ ፈሳሹንም ያበዛዋል። መዝጊያው የሚከፈት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ምርጫችን አንቺ ያልሽው ነው። ዶክተር፣ ይሄን ከሰርጂኖቹ ጋር በየሳምንቱ እንደገና ተነጋገርበት።

ከፊስቱላው የሚወጣውን 1200 ሚሊ ደግሞ በቲፒኤኑ ልትተካ አትሞክር። ለብቻው በሳላይንና በፖታሲየም ተካው፤ መጠኑ በየቀኑ ይለዋወጣል። አሚኖ አሲዱን 1.5 ማድረግህ ጥሩ ነው፤ እንደዚህ የሚፈስበት ሰው ፕሮቲን በፈሳሹም ያጣል። በኪሎ እስከ 2 ግራም የሚሰጡም አሉ።

ጠያቂ

አመሰግናለሁ። ሜትሮኒዳዞሉ በጠርሙሱ ነው፤ ሌላው ግን በ5 ፐርሰንት ግሉኮስ ነው የሚበረዘው፣ በቀን 1 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሴፍትሪያክሶንም እየወሰደ ነው። እግሩ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ክሪያቲኒን 0.8፣ ፖታሲየም 3.4። ፎስፌት እኛ ጋ አይሠራም።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

ያ 1 ሊትር 50 ግራም ግሉኮስ ነው። በፍጥነት ደረጃ 0.7 ይጨምራል። ስለዚህ የአንተ 4.9 በ24 ሰዓትም ቢሆን 5.6 ነበር ማለት ነው። ማበረዣውን፣ መድኃኒቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ወደ ሳላይን ቀይረው። ካልሆነ ከቲፒኤኑ ላይ ቀንስ።

የዚህን ሰው ትልቁን አደጋ ግን ገና አላነሳንም። ክብደቱ ለቁመቱ 17.7 ነው፤ ከሰውነቱ 14 ፐርሰንት ገደማ ቀንሷል፤ 9 ቀን አልበላም። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ብዙ ግሉኮስ ሲገባለት ኢንሱሊኑ ይነሳና ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሴል ይገባሉ። ልቡ ምት ሊያዛባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻው ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ታያሚን 100 ሚሊግራም በደም ስር፣ ከግሉኮሱ በፊት፤ ከዚያ ቢያንስ 5 እስከ 7 ቀን በየቀኑ። ፖታሲየሙን ማረም ዛሬውኑ ጀምር።

የመጀመሪያው ቀን ይህን ይምሰል፦ 10 ፐርሰንት ግሉኮስ 1000 ሚሊ እና 10 ፐርሰንት አሚኖ አሲድ 500 ሚሊ። 100 ግራም ግሉኮስ 340 ካሎሪ፣ 50 ግራም አሚኖ አሲድ 200 ካሎሪ፤ ድምሩ 540። በኪሎ 11 ካሎሪ ያህል ነው። የግሉኮሱ ፍጥነት 1.4 ብቻ ነው። የ5 ፐርሰንቱን ማበረዣ ካልቀየርከው ግን 2.1 ይሆናል፤ ካሎሪውም ይጨምራል። 10 ፐርሰንት ካጣህ ከ1 ሊትር 5 ፐርሰንት ላይ 140 ሚሊ አውጣና ሰባት ባለ 20 ሚሊ 40 ፐርሰንት ጨምርበት፤ 10 ፐርሰንት ገደማ ይመጣልሃል።

ጥሩው ነገር ይሄ መጠን ሴንትራል ላይን አይጠብቅም። የግሉኮሱን ግራም በ5፣ የአሚኖ አሲዱን በ10 አባዛና ደምር፤ 1000 ይሆናል። ለ1.5 ሊትር ሲካፈል በሊትር 667 ሚሊኦስሞል ነው። ጨዎቹ ቢጨመሩበትም ለእጅ ደም ስር ከሚፈቀደው 900 በታች ይቆያል። ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ዋይ ላይ አብረው አስኪዳቸው እንጂ አሚኖ አሲዱን ብቻውን በእጅ ደም ስር አትስቀል፤ ለብቻው ይከብዳል። ፓምፕም አያስፈልግህም። በ20 ጠብታ ሴት ግሉኮሱ በደቂቃ 14፣ አሚኖ አሲዱ 7 ጠብታ፤ 24 ሰዓት ሙሉ።

ኤሌክትሮላይቱ ከጸና በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የግቡን አንድ ሦስተኛ እየጨመርክ ውጣ። ሊፒድ ከተገኘ ግቡ እንዲህ ይሆናል፦ አሚኖ አሲድ 750 ሚሊ፣ 20 ፐርሰንት ሊፒድ 250 ሚሊ በ500 ካሎሪ፣ ለግሉኮስ የሚቀረው 700 ካሎሪ። ለ3.4 ሲካፈል 206 ግራም፣ ፍጥነቱ 2.9። ይሄ ሴንትራል ላይን ይፈልጋል።

ሊፒድ ካልተገኘስ? ጉድለቱን በግሉኮስ አትሙላ። ፍጥነቱን 4 ላይ ቁረጠው። 4 ሲባዛ በ50 ሲባዛ በ1.44፣ 288 ግራም ነው። 979 ካሎሪ ከአሚኖ አሲዱ 300 ጋር 1280 ገደማ ይሰጥሃል፤ በኪሎ 25 አለፍ ይላል። ለጊዜው ይበቃዋል። ይሄም 24 ሰዓት ሲሄድ ነው። የፓምፑን ነገር ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋገር፤ በ16 ሰዓት ብቻ ከሆነ 192 ግራም ላይ ታቆማለህ።

ሲስተር፣ አይሲዩ

ሴፍትሪያክሶኑንስ? ቲፒኤኑ ውስጥ ካልሲየም ከገባ በአንድ መስመር አብሮ አይሄድም፤ ነጭ ነገር ይሠራል። ከሪንገርም ጋር እንደዚያው ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

ልክ ነሽ ሲስተር። በሌላ መስመር ይሰጠው።

ሰርጂካል ሬዚደንት

እኔ የአሚኖ አሲዱን ካሎሪ አልደምረውም። ፕሮቲኑ ለቁስሉ ነው እንጂ ለማገዶ አይደለም። እንዲያ ከሆነ 1280 ሳይሆን 979 ነው ያለህ። ክብደቱም እብጠት ካለው እውነተኛው ከ50 በታች ነው፤ 47 ከሆነ የ4ቱ ገደብ 271 ግራም ላይ ይመጣል።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

በካሎሪው ላይ ሁለቱም አሠራር አለ፤ እኔ እደምራለሁ። የትኛውን እንደተጠቀምክ ግን ካርዱ ላይ ጻፈው፤ ተረኛው ሐኪም በሌላኛው መንገድ አስቦ እንዳይጨምርበት። በክብደቱ ግን ሬዚደንቱ ልክ ነው፤ እብጠቱ እስኪወርድ በ47 አስላ።

ጠያቂ

ትናንት ያላችሁኝን መጠን በእጁ ደም ስር ጀመርኩ፤ ማበረዣውንም ቀየርኩ። ታያሚን ወስዷል። ዛሬ ጠዋት ስኳሩ 156፣ ፖታሲየም 2.9። ሴንትራል ላይኑ ገብቷል። መጠኑን ልጨምር?

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

አትጨምር። ስኳሩ ጥሩ ነው፣ ከ180 በታች ነው። ፖታሲየሙ ግን እያስተካከልከው በአንድ ቀን ወርዷል፤ ምግቡ እየጎተተው ሊሆን ይችላል፣ ከፊስቱላውም ያጣል። በዛሬው መጠን ላይ ቁም። ፖታሲየሙን ተካ፤ ሞኒተር ከሌለህ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አትለፍ። ማግኒዚየም ለካ፤ እሱ ዝቅ ካለ ፖታሲየሙ አይነሳልህም። ማታ ድገመው። ፎስፌት የሚሠራ ላብራቶሪ ከተማው ውስጥ ካለ ናሙናውን ዛሬውኑ ላክ። እስኪመጣ ድረስ ትንፋሹን፣ የጡንቻውን ጉልበትና ኢሲጂውን ተከታተል።

ጠያቂ

ናሙናውን አስታማሚው ይዞት ሄዷል። ሊፒዱ ግን እስካሁን አልተገኘም። ስንት ጊዜ ሳይወስድ መቆየት ይችላል?

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ጎንደር

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ችግር የለውም። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አስፈላጊ የስብ አሲዶች ይጎድሉታል፤ ቆዳው ይላላጣል፣ ቁስሉ ይዘገያል። እሱ ደግሞ ቀድሞም የተጎሳቆለ ስለሆነ ከዚያም ቀደም ብሎ ሊታይበት ይችላል። ጥቂት ጠርሙስ ብቻ ከተገኘ 250 ሚሊውን በሳምንት ሁለቴ ስጠው። ባሕር ዳር ከታጣ ጎንደር እጠይቅልሃለሁ፤ ማታ እጽፍልሃለሁ።