ለፎቶ ስሜን ተራሮች ወይስ ላሊበላ? ጥቆማ ፈለግሁ

ጠያቂ፦ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አራት ቀን አለኝ። ከጎንደር ደርሶ መልስ የቀን ጉዞ ልያዝ፣ ከቡድን ጋር ካምፕ ልደር፣ ወይስ የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ሄጄ አስጎብኚና ጠባቂ ስካውት ራሴ ልቅጠር? ላሊበላም በሐሳቤ አለ። የምፈልገው የጠዋትና የማታ ብርሃን፣ ሰው ያልበዛበት ቦታ።

ካሜራው፦ ላሊበላ! ቤተ ጊዮርጊስ ፀሐይ ስትገባ ወርቅ ነው የሚመስለው።

የደጋ ሰው፦ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል አዎ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው የተፈለፈለው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ግድግዳው ጥላ ይሆናል።

ለአራት ቀን እኔ ስሜንን እመርጣለሁ። የቀን ጉዞውን እርሳው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወረቀት ጨርሰህ ፓርኩ ስትገባ ብርሃኑ ደርቋል። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ጥሩው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ቦታው ላይ ማደር ግድ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሳንቃበር ካምፕ እደር። አመሻሽ ላይ ቡይት ራስ ሂድና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ፀሐይን ከኋላቸው አድርገህ አንሳ፣ ጎፈሬያቸው ዳር ዳሩ ይበራል። በሁለተኛው ቀን ወደ ግጭ ካምፕ በእግር። በሦስተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተህ በባትሪ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ፤ ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለምትወጣ ቀድመህ ትደርሳለህ፣ በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ማንም የለም። ገደሉ ወደ ሰሜን ስለሚያይ በጥቅምት ግድግዳው ራሱ አይበራም። ሌንስህን ከታች ወዳሉት ሹል ተራሮች አዙር። ከዚያ ጭነቅ ካምፕ እደር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ሲወጡ እዚያው ጠብቃቸው።

ድሮን ያለኝ፦ እኔ ድሮን ይዤ ልመጣ ነው፣ ባትሪው በብርድ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

የደጋ ሰው፦ የባትሪውን ተወውና መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ፣ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዝብሃል።

ቆጣቢዋ፦ እኔ ከቡድን ጋር ነው የሄድኩት፣ መኪናና ምግብ ስለሚጋሩ ረከሰልኝ። በጥቅምት ደግሞ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ስለ ብርሃን አትጨነቁ።

የደጋ ሰው፦ ሰማዩ ላይ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ቡድን በቁርስ ሰዓት ነው የሚንቀሳቀሰው። ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፦ «10 ሰዓት ሌሊት አስጎብኚውና ስካውቱ አብረውኝ ይወጣሉ?» ከተንተባተቡ ለፎቶ አይሆኑም። ራስህ ከቀጠርክም ማታውኑ ተስማማ፤ ያለ ስካውት መንቀሳቀስ አይቻልም፣ እሱ ከተኛ አንተም ተኛህ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በምትሄድበት ሳምንት ደባርቅ ያለ ሰው ጠይቅ፣ የድሮ ወሬ አይሠራም።

ጠያቂ፦ አሁን አንዱን የቡድን ድርጅት ጠየቅሁ፣ «ቁርስ 1 ሰዓት ተኩል ነው» አሉኝ 😅 ደባርቅ ሄጄ ልቅጠር። ለትሪፖዱና ለድንኳኑ በቅሎ ልያዝ ወይስ ተሸካሚ?

ቆጣቢዋ፦ በቅሎ!

ካሜራው፦ ትሪፖዱን በበቅሎ? በቅሎዋ እኮ በሌላ መንገድ ቀድማ ካምፕ ትገባለች፣ ያንን ራስህ ያዘው።