ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ከቦታው 200 ሜትር ርቆ ይወድቃል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ 200 ካሬ ቦታ ከመገዛቱ በፊት ወሰኑን ከይዞታ ካርታው ላይ ማረጋገጥ ፈልጌ ተቸግሬያለሁ።

የአራቱ ማዕዘን ነጥቦች ኤክስና ዋይ በካርታው ላይ ተጽፏል። ከነጥብ 1 ወደ 2 ኤክሱ በ16፣ ዋዩ በ12 ሜትር ይለያያል፤ ርዝመቱ 20 ሜትር ይመጣል፣ ካርታው ላይ ከተጻፈው ጋር ልክ ነው። ስለዚህ የቁጥር ስህተት አይመስለኝም። ግን ነጥቦቹን ጉግል ኧርዝ ላይ እንዳሉ ሳስገባ ቦታው 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 100 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሸሻል። አራቱም እኩል ስለሚሸሹ ምክንያቱ ካርታው በአዲንዳን መነሻ መሠራቱ፣ ጉግል ደግሞ በWGS 84 መሥራቱ ነው።

QGIS ላይ EPSG:20137 መርጬ ስቀይረው ቦታው ትክክለኛው ሰፈር ገባ፤ አሁንም ግን ከአጥሩ 4 ሜትር ያህል ወደ ጎረቤት ገብቶ ይታያል። ይህ ልዩነት ከመቀየሪያው ነው፣ ከሳተላይት ፎቶው ነው ወይስ አጥሩ ራሱ ወሰን አልፏል? የስልክ ጂፒኤስም በ3 እና በ5 ሜትር መካከል ስለሚሳሳት አይለየውም።

ወሎ አካባቢ የምትሠሩ ቀያሾች፣ የትኛውን መቀየሪያ ትጠቀማላችሁ? ችካሉ እስኪተከል ድረስ ከአዋሳኞቹ ካርታ ጋር ማመሳከር ይበቃል?