«ዝቅተኛው ኩዊዝ ይሰረዛል» ብዬ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቼ ሦስት የተለያየ ውጤት አመጡ

ጠያቂ (መምህርት)
እባካችሁ ቶሎ። የመጨረሻ ውጤት እንዴት እንደሚሰላ ለክፍሉ ማስታወሻ ለጥፌ ነበር፦ የቤት ሥራ 20፣ ኩዊዝ 20፣ የአጋማሽ ፈተና 20፣ ማጠቃለያ ፈተና 40። ከሦስቱ ኩዊዞች ዝቅተኛው ይሰረዛል ብያለሁ። አንድ ተማሪ 8 ከ10፣ 11 ከ20 እና 21 ከ30 አለው። እሱ ያሰላው፣ ጓደኛው ያሰላው እና የእኔ ሠንጠረዥ አይገጣጠሙም። ነገ ጠዋት የታረመውን ማስታወሻ መለጠፍ አለብኝ።

ጠመኔ
ዝቅተኛው 8 ነው፤ እሱን ይሰርዙ። ምን ያከራክራል?

ነባር መምህር
ስረዛ የሚባለውን ነገር መጀመሪያውኑ አልደግፍም። ተማሪ የሠራው ሁሉ ሊቆጠርለት ይገባል። ሦስቱንም ደምረው ከ60 ቢይዙት ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ጠያቂ
ተማሪዎቹ ቃሌን ይዘው ተፈትነዋል፤ አሁን ስረዛውን ማንሣት አልችልም።

ሚዛን
ጠመኔ፣ 8 ከ10 እኮ 80 በመቶ ነው፤ የልጁ ምርጥ ውጤት እሱ ነው። እሱ ከተሰረዘ የሚቀረው 32 ከ50፣ ማለትም 64 በመቶ ነው፤ ከ20 ሲያዝ 12.8። በመቶኛ ካየነው ዝቅተኛው 11 ከ20 ነው። እሱ ተሰርዞ የቀሩት ነጥቦች ሲደመሩ 29 ከ40፣ ከ20 ሲያዝ 14.5 ይሆናል። የ80 እና የ70 በመቶ አማካይ ከተወሰደ ደግሞ 15። ልጁ ከሌሎቹ ክፍሎች 66 ካመጣ አጠቃላይ ውጤቱ 78.8፣ 80.5 ወይም 81 ነው። ከፍተኛው ደረጃ ከ80 የሚጀምር ከሆነ ለጠብ ይበቃል።

ማስታወሻው ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «እያንዳንዱ ኩዊዝ ወደ መቶኛ ይቀየራል፤ በመቶኛ ዝቅተኛው ይሰረዛል፤ የቀሩት የሁለቱ አማካይ ከ20 ይያዛል።» ከሥሩም የአንድ ምናባዊ ተማሪ ስሌት እስከ መጨረሻው ሠርተው ያሳዩ። የዚህን ልጅ ቁጥር ግን አይጠቀሙ፤ ጓደኞቹ ያውቁታል። ለሠንጠረዡ፦

```
=(A2/10+B2/20+C2/30-MIN(A2/10,B2/20,C2/30))/2*20
```

የክፍል ተጠሪ
እኔ ተማሪ ነኝ። የእኛ መምህር ማጠቃለያ ፈተና 40 ነው ብለው 50 አደረጉት። ምን ላድርግ?

ጠመኔ
እኔ አሁንም 8 ከ11 ያንሳል እላለሁ። ማስታወሻው «ዝቅተኛ ነጥብ» የሚል ከሆነ 8ን መሰረዝ ትክክል ነው።

ሚዛን
ቃሉ ለሁለቱም ትርጉም ክፍት ከሆነ፣ ለተማሪው የሚጠቅመው ይያዝለት። ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቀመሩ ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። በፈቃድ የቀረ ልጅ የሚሰረዝለት ያው ያልተፈተነው ስለሚሆን፣ ሌሎቹ ያገኙትን ዕድል ያጣል። ይህንንም በማስታወሻው ይወስኑ።

ጠያቂ
በፈቃድ የቀሩ ሁለት ልጆች አሉ። ምትክ ኩዊዝ ልስጣቸው ወይስ ባሉት ሁለት ልያዝላቸው?

ነባር መምህር
ምትክ ይስጧቸው።

ሚዛን
ምትኩ ከቀለለ ሌላ አቤቱታ ይመጣል። እኔ ብሆን ከተፈተኗቸው ሁለት ኩዊዞች በመቶኛ የሚሻለውን እይዝላቸው ነበር፤ ግን በአንድ ኩዊዝ ብቻ 20 ነጥብ መስጠትም ያሳስበኛል።